«ቲቸር፣ ጅቡ ያዋጣል?»

ፈላና በር አካባቢ መኖር አንድ ደሞዝ የሌለው ትርፍ ሥራ አለው። ሐረርን ሊያይ ያሰበ ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ያነበበውን ስክሪንሾት አድርጎ ይልክልኝና «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ይላል። አንዱ «ጅብ ማብላት በሕይወቴ ያየሁት ምርጥ ነገር» የሚል ነው የሚልከው። ሌላው «ጅቡ የቱሪስት ወጥመድ ነው፣ እንዳትሸወዱ» የሚል። ሁለቱም ስለ አንድ ቦታ፣ ስለ አንድ ምሽት ዓይነት ነው የሚያወሩት። ሁለቱም አልዋሹም። እኔ ግን «እውነት ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ከተውኩ ቆየሁ፤ መልሼ «የጻፈው ማነው? መቼ መጣ? በምን መጣ? አንተስ ከማን ጋር ነው የምትመጣው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ይሰላቻል። «አቦ ቲቸር፣ አዎ ወይ አይ በል» ይሉኛል። (የሐረር ልጅ አስተማሪውንም አንተ ነው የሚለው፤ የሌላ አገር ሰዎች ስድብ እንዳይመስላችሁ።)

ይህንን ዛሬ በረዥሙ የምጽፈው አንድ ሙሉ ጉዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚህ መንገድ ሲሠራ ስላየሁ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ 2017 ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ የምትሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። የሥራ ባልደረባዋ እናቷን ይዛ ሐረር መምጣት ትፈልጋለች። እናትየው 68 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በሙሽርነታቸው ወታደር ባላቸውን ተከትለው ሐረር ኖረው፣ በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦርነት ሲጀመር ወጥተው ከዚያ ወዲህ ተመልሰው አያውቁም። ልጅቷ ያላት ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ገንዘቧም የተቆጠረ ነው። «ዳግመኛ ላላመጣት እችላለሁ» ነው ያለችው።

ተማሪዬን «አንቺ የሐረር ልጅ አይደለሽ፣ ለምን አትነግሪያትም?» ብላት የመለሰችልኝ መልስ ጥሩ ነበር። «ከልጅነቴ ያየሁት ስለሆነ እንግዳ እንዴት እንደሚያየው አላውቅም።» እውነቷን ነው። የአገሬውን ሰው ጠይቁ ይባላል፣ ግን የአገሬው ሰው የለመደውን አያየውም። እኔ ማታ ጅብ ሲያልፍ መንገድ ለቅቄለት ወሬዬን እቀጥላለሁ፤ ቁልቁለት የሚባል ነገር ጀጎል ውስጥ እንዳለም ትዝ የሚለኝ ሽማግሌ እንግዳ አብሮኝ ሲሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንዳንድ ነገር እንግዳ የጻፈው ይሻላል፤ ግን ማንበቡን ካወቅንበት።

ልጅቷ ሦስት ጽሑፍ ይዛ ነበር። የመጀመሪያው የአንድ አውሮፓዊ ወጣት ነው፣ አንድ ሰው ወደ አማርኛ መልሶታል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ጀጎል ውስጥ በባህላዊ የሐረሪ ቤት አድሮ፣ ያለ አስጎብኚ ሲዞር ከርሟል። «አስጎብኚ አትያዙ፣ ጥፉ፣ መጥፋቱ ነው ደስታው» ይላል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ በመኪና የመጡ የጓደኛሞች ቡድን ነው። የተሸወዱት እነሱ ናቸው። «መኪና ተደርድሮ፣ መብራት በርቶ፣ ሁሉም ፎቶ ሲነሳ 20 ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ» ይላሉ። ሦስተኛው ፎቶግራፍ የሚያነሳ ኢትዮጵያዊ ነው። እሱ ደግሞ መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ እያመሸ፣ በተከታታይ ሌሊት እየተመለሰ ጅቦቹን ጠብቋል።

መጀመሪያ ቀኑን እንይ አልኳት። የአውሮፓዊው ጽሑፍ ላይ 2014 ይላል፣ የጓደኛሞቹም ላይ 2014 ይላል። ልጅቷ ሁለቱን የአንድ ዓመት ነገር አድርጋ ነው ያነበበቻቸው። ግን የፈረንጁ 2014 በእኛ 2006 እና 2007 ነው። የጓደኛሞቹ በእኛው አቆጣጠር ነው። በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ! ተርጓሚው «ዓ.ም.» ብሎ ጨርሶታል፣ የማን ዓመት እንደሆነ አልጻፈም። እንዲህ ያለውን የምታውቁበት ቀላል መንገድ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር መፈለግ ነው፦ የብሩ ዋጋ፣ የወሩ ስም፣ ስለ ባቡር የሚለው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሥራ የጀመረው በፈረንጅ 2018 ነው። ጽሑፉ ስለሱ ምንም ካላወቀ ወይ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው፣ ወይ ጸሐፊው የራሱን መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ነው። የተተረጎመው ጽሑፍ «ጅቦቹ በ7 ሰዓት ይመገባሉ» ይላል። የጻፈው ፈረንጅ የምሽቱን 7 ሰዓት ማለቱ ነው፣ በእኛ 1 ሰዓት፣ ልክ ጨለም ሲል። በአማርኛ ያነበበ ሰው ግን 7 ሰዓት ሲባል ወይ እኩለ ቀን አልፎ፣ ወይ እኩለ ሌሊት አልፎ ነው የሚረዳው። ቀን በ7 ሰዓት ፈላና በር ቆሞ «ጅቡ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ «ተኝቷል ልጄ» አሉት።

ዋጋ የሚባለውን ነገር በጠቅላላ ዝለሉት ነው የምለው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የተጻፈ ዋጋ ሁሉ ዛሬ ታሪክ ነው። በዶላር የተጻፈውም ቢሆን የእናንተ አይደለም፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ለአገር ውስጥና ለውጭ አገር ሰው የተለያየ ዋጋ ነው የሚጠየቀው። ከድሮ ዋጋ የሚጠቅመው ምን ምን እንደሚያስከፍል ማወቁ ነው። ማየት ለብቻ ነው ወይ? ቪዲዮ ለብቻ ነው ወይ? መኪና ወይ ባጃጁ የሚጠብቅበት ይጨመራል ወይ? ይህን ይዛችሁ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት እዚያው ትነጋገራላችሁ።

ጊዜ ምክርን እንዴት እንደሚገለባብጥ ለማየት ከሐረር በፊት ያለውን የሐሮማያን ሐይቅ አስቡ። ድሮ የመጣ ሰው «መንገድ ላይ ሐይቁ ጋ ቁሙ፣ ወፎቹን እዩ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ደረቀ፤ ሐረርም ውኃዋን ያገኘችው ከዚያ ስለነበር ጉዳቱን እኛ በጀሪካን ነው የቆጠርነው። በዚያ ዘመን የመጣ «ሐይቅ የሚባል ነገር የለም፣ ሜዳ ነው፣ የድሮ ጽሑፍ አትመኑ» አለ። አሁን በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ ታይቷል። የዛሬ እንግዳ ደግሞ ሁለተኛውን አንብቦ ሐይቁን ሲያይ ተሳስተን ሌላ መንገድ የገባን ይመስለዋል። ሁሉም በየጊዜው ልክ ነበሩ።

ወሩም እንዲሁ ነው። ስለ ሐረር የተጻፈ ቅሬታ ስታነቡ የመጣበትን ወር ፈልጉ። «ቀን ምግብ ቤት አጣን፣ ከተማው ተኝቷል» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በረመዳን የመጣ ነው። የረመዳን ማታ ግን ጀጎል ውስጥ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሕይወት አለ፤ ቀን ብቻ አይቶ የሄደ ሰው ይህን አይጽፍላችሁም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚመጣ «በመጋቢት አትሂዱ» የሚል ምክር ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው የሚሠራው። ከዒድ ቀጥሎ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲፈታ የሚከበረው ሸዋሊድ በ2016 ኅዳር መጨረሻ ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ስሙ የበለጠ ወጥቷል፣ በዚያን ሰሞን አልጋ ቀድሞ ካልተያዘ ችግር ነው። «ድሬዳዋም ሐረርም አልጋ አጣን፣ ትራንስፖርት እጥፍ ሆነብን» ያለው ደግሞ በታኅሣሥ 19፣ በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን የመጣ ነው። ለቁልቢ ብሎ ለመጣ ሰው ያው መጨናነቅ የጉዞው አካል ነው፤ ጀጎልን ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግን ያንን ሳምንት መራቅ ነው።

ይህ እንግዲህ ቀላሉ ክፍል ነው። ቀንና ሰዓት በትዕግሥት ይጣራል። ዋናው ነገር የሰውየው ፍላጎትና የእናንተ ፍላጎት መግጠሙ ነው።

ልጅቷን አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ እናትሽን ይዘሽ የሄድሽበት ሌላ ቦታ አለ? ባሕር ዳር ሄደዋል። የትኛውን ወደዱ? ጣና ዳር ተቀምጦ ቡና መጠጣቱን። የጀልባውንና የጢስ ዓባይን መንገድ አልወደዱትም፣ ደክሟቸዋል። ጥሩ። አሁን አውሮፓዊው ስለ ባሕር ዳር የጻፈው አለ ወይ ብለን ስንፈልግ አገኘነው። የሐይቁን ዳር «የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል፣ ጢስ ዓባይን በእግሩ ወጥቶ ሲመጣ ግን ገጽ ሙሉ ጽፏል። እናትየው የወደዱትን እሱ ሰልችቶታል፣ የደከማቸውን እሱ ወዶታል። ይህ ሰው ለእሳቸው ጥሩ አማካሪ ነው፤ ገልብጠን እስካነበብነው ድረስ። የሰለቸኝ ያለው ቦታ ላይ ወንበር ይኖራል ማለት ነው!

ይህንን ለማንም የምመክረው ነው። አንድ ጸሐፊ ስለማታውቁት ከተማ የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት ስለምታውቁት ከተማ ምን እንዳለ አንብቡ። ስለ ላሊበላ፣ ስለ ሐዋሳ፣ ስለ ራሳችሁ ሰፈር ከጻፈ ደግሞ እጅግ ጥሩ። ምን እንደሚያስደስተውና ምን እንደሚያናድደው እዚያ ይታያል።

ቅሬታውን ከምስጋናው አስቀድማችሁ አንብቡም እላለሁ። ምስጋና ምክንያት አይናገርም። «ውብ ነው፣ የማይረሳ ነው» ይላል፣ አለቀ። የተናደደ ሰው ግን ምን እንዳናደደው ይዘረዝራል። የጓደኛሞቹን ቅሬታ ከልጅቷ ጋር በስልክ አንድ በአንድ አየነው። «መኪና ተጠግቶ ይቆማል።» ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሴት ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ መኪናው ውስጥ ሆነው ያያሉ። «መብራት በርቷል፣ ጫካ አይመስልም።» ዓይናቸው ለደከመ ሰው ብርሃን ይሻላል። «20 ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ።» ቆላ አይደለንም፣ የኅዳር ማታ ይበርዳል፣ ለእሳቸው 20 ደቂቃ ይበቃል። «ብዙ ሰው አለ።» እናትየው ሰው ይወዳሉ። እንግዲህ ጓደኛሞቹ «አትሂዱ» ብለው የጻፉት፣ አንድም ቃል ሳንቀይር፣ ለእኚህ እናት «ሂዱ» ሆነ። እነሱ ዱር ፈልገው ነው የመጡት፣ ያገኙት ግን ትርኢት ነው። ለእሳቸው ትርኢቱ ነው የሚመቻቸው።

ፎቶግራፈሩ የጻፈው ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፣ ለእሳቸው ግን የማይሆን። የጀጎል ግንብ ሥር ላይ ቀዳዳዎች አሉ፣ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል የሚሏቸው፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ሌሊት ጅቦቹ በዚያ ገብተው የከተማውን ትራፊ ለቃቅመው ይወጣሉ። እሱ ያየው ይህንን ነው። ይህ ምግቡን በዱላ ጫፍ አድርጎ በጥርሱ ይዞ ጅብ ከሚያበላው ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ከማየት ሌላ ነገር ነው። ግን የሚጠብቁት በእግር ነው፣ በጨለማ ነው፣ በሰፈሩ ሰው ታጅቦ ነው፣ ምንም ሳያዩ የሚታደርበት ሌሊትም አለ። የሦስት ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ሁለት ሌሊቱን ለዚህ አይከፍልም። ወጣት ሆናችሁ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ሳምንት ካላችሁ ግን የጓደኛሞቹን ትታችሁ የዚህን ሰው ጽሑፍ ይዛችሁ ኑ።

አንድ ሌላ ግራ መጋባት ነበር። የመመገቢያው ቦታ አንዱ ጽሑፍ ላይ ፈላና በር ተብሏል፣ ሌላው ላይ አሱም በሪ፣ ሦስተኛው ላይ ሰንጋ በር። ልጅቷ ሦስት ቦታ አድርጋዋለች። አሱም በሪና ፈላና በር ግን አንድ በር ነው፣ አንዱ የሐረሪው ስም ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች እንዲህ ሁለት ሦስት ስም አላቸው፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞውና አማራው በየራሱ ይጠራቸዋል። ሸዋ በር የምንለው አስመዲን በሪ ነው፣ ቡዳ በር የምንለው በድሮ በሪ። ሰንጋ በር ግን በእርግጥ ሌላ ነው፣ በዚያ በኩልም ሲመገቡ ቆይተዋል። ስለዚህ ለባጃጅ ሾፌሩ የበሩን ስም ብቻ ከመንገር ቀን ላይ «ዛሬ ማታ የሚያበሉት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የአስጎብኚውን ጉዳይ እዚህ ላይ ላንሳ፣ ምክንያቱም በዚህ ላይ ሁሌ ክርክር አለ። «ጀጎል ትንሽ ነው፣ ብትጠፉም ትገኛላችሁ» የሚለው አውሮፓዊ ልክ ነው። ግንቡ የሚከበው ወደ 48 ሄክታር ነው፣ ቁልቁል ከሄዳችሁ ግንብ ትነካላችሁ፣ ግንቡን ከተከተላችሁ በር ላይ ትወጣላችሁ። ግን ሐረር ያለው ከግድግዳው ውስጥ ነው። የሐረሪ ቤት፣ ጌ ጋር የምንለው፣ ከውጭ የተለሰነ አጥርና አንድ የእንጨት በር ነው። ውስጥ ነው ደረጃ ደረጃው መደብ፣ ሥፌው፣ ሳህኑ ያለው። የሰው ቤት ስለሆነ በር አንኳኩቶ አይገባም፤ የሚያስገባችሁ ሰው ያስፈልጋል። አውሮፓዊው አስጎብኚ ያላስፈለገው ማደሪያው ራሱ ጌ ጋር ስለነበር ነው። ውስጡን በየማታው ያየው ነበር። ይህንን ግን ከምክሩ ጋር አላያያዘውም። ሆቴል የሚያድር ሰው የሱን ምክር ተከትሎ ያለ አስጎብኚ ቢዞር ግንብና መስጊድ አይቶ ይሄዳል።

እናትየውን ጌ ጋር ማሳደር ደግሞ አይሆንም። መደቡ ደረጃ ነው፣ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ጠባብ ነው፣ መጸዳጃው በግቢ የጋራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጀጎል ውጭ ባለ ሆቴል ምድር ቤት ክፍል፣ አስጎብኚ ለግማሽ ቀን ብቻ፣ ከአስጎብኚው ጋር አንድ ጌ ጋር ገብቶ መቀመጥ። ጉዞው ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ቁልቁል፣ መልሱ በባጃጅ። ይህን ያገኘነው ከሦስቱም ጽሑፍ ነው፣ የአንዱንም እንዳለ ሳንወስድ።

በነገራችን ላይ ይህ የአማካሪ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ በጥር 1855 በፈረንጅ ሐረር ሲገባ ብዙ ሰው «ትገደላለህ» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። አሥር ቀን ተቀምጦ በሰላም ወጣ። መጽሐፉን በቀጣዩ ዓመት አሳተመ፣ ዓለም ስለ ሐረር ለረዥም ጊዜ ያነበበው እሱን ነው። ግን አሥሩን ቀን በአሚሩ ዓይን ሥር፣ እንደ ተጠርጣሪ ሆኖ የቆየ ሰው ነው። ራምቦ ደግሞ በ1880 ለቡና ነጋዴ ተቀጥሮ መጣና ለቤተሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ መሰልቸቱን ነበር የሚያማርረው። ሸቀጥና ግመል ሲጠብቅ የሚውል ሰው ቢሰለቸው ምን ይገርማል። አንዱ ፍርሃቱን፣ አንዱ ሥራውን ነው የጻፈልን። የሚገርመው የራምቦ ቤት ብለን የምናስጎበኘውም ቤት እሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው። «ራምቦ የኖረበት ቤት» የሚል ጽሑፍ አሥር ብታገኙ አሥር ምስክር አገኘን እንዳትሉ፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ነው። አንድ ዓይነት ስህተት የሚደግሙ ጽሑፎችን እንደ አንድ ቁጠሯቸው። ቤቱ ግን ያምራል፣ ለእንጨት ሥራውና ለድሮ ፎቶዎቹ ግቡ።

መንገዱ ቀረ። ከአዲስ አበባ ሐረር 500 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ አውቶቡሱ በንጋት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ነው። አውሮፓዊው «ከመስኮት ያየሁት መልክዓ ምድር ከሁሉ ይበልጣል» ይላል፣ አልዋሸም፣ የጭሮ ተራሮች ያምራሉ። ለጉልበት ግን አይሆንም። ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ደንገጎን ወጥቶ፣ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ አንድ ሰዓት ገደማ። እዚህ ላይ ማንም ጽሑፍ ያላነሳው ነገር መጣ፦ እናትየው ቁልቢን መሳለም ፈለጉ። በመኪና ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ቁልቢ መንገዱ ላይ ነው፤ ከድሬዳዋ ለሚወጣ ግን ደንገጎ ላይ ወደ ሐረር ሳይሆን በተቃራኒው መታጠፍ አለ። ስለዚህ መኪናው ከድሬዳዋ ኮንትራት ተያዘ፣ ቁልቢ ደርሶ ተመልሶ ሐረር። ኅዳር ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ማለት ይቻላል፣ እንደልባቸው ተቀመጡ።

የመንገድ ደኅንነትን በተመለከተ ማንኛውንም ጽሑፍ፣ የኔንም ጨምሮ፣ አትጠቀሙ። የወር ጽሑፍ እንኳ አርጅቷል። በዚያን ቀን በዚያው መንገድ የመጣ ሾፌር ነው የሚጠየቀው፣ አንድ ሳይሆን ሁለት።

መጡ። እኔ የሄድኩት ማታ ጅቡ ጋ ብቻ ነው። መኪናው ተጠግቶ ቆመ፣ እናትየው መስታወቱን ግማሽ ዝቅ አድርገው አዩ። ልጅቷ ወርዳ ዱላውን ያዘች፣ ጅቡ ሥጋውን ወሰደ፣ ጮኸች። እናትየው ትንሽ ሳቁና «ያኔ እኛ በር ዘግተን ድምፁን ነበር የምንሰማው፣ ፊቱን ዛሬ አየሁት» አሉ። 15 ደቂቃ አልቆየንም።

በማግስቱ የነበሩበትን ግቢ ፈለጉ። ሰፈሩ ተለውጧል፣ አላገኙትም። የትኛውም ጽሑፍ ስለዚያ ሊረዳቸው አይችልም ነበር። መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ፣ አንድ ሰፊ ወንበር አውጥቶላቸው ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ያህል ሲያዩ ቆዩ አለችኝ ልጅቷ። እሳቸው ከሐረር የወደዱት ያችን ሰዓት ነው።

ልጅቷ ተመልሳ የራሷን ጻፈች፣ ደግሞ በደንብ ነው የጻፈችው። መጀመሪያ መስመሯ ላይ «ኅዳር 2017፣ ጉልበቷን ከሚያማት የ68 ዓመት እናቴ ጋር፣ ሦስት ቀን» ትላለች። ምድር ቤት ክፍል ስታገኝ ደረጃው ስንት እንደሆነ ቆጥራለች፣ ውኃው በየትኛው ሰዓት እንደጠፋ ጽፋለች። አንድ ወጣት ሥሯ «ይሄ እኮ ለሽማግሌ ነው፣ ይደብራል» ብሏታል። አዎ፣ እሱ ደግሞ ፎቶግራፈሩን ያንብብ።

ወደ ሐረር ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጻፉልኝ። ከማን ጋር እንደምትመጡ፣ ስንት ቀን እንዳላችሁ፣ የት ሄዳችሁ ምን እንደሰለቻችሁ ጻፉልኝ። ከሳምንት በኋላ ፈተና አርሜ እመለሳለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ በቅርቡ እንግዳ ያመጣችሁ፣ አልጋውና ውኃው አሁን እንዴት እንደሆነ ቀኑን ጠቅሳችሁ ንገሩን። የማን አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩበት።